ሰማያዊው ራይት ሲዘጋ፦ በዋትሳፕ የንባብ ማረጋገጫን ማጥፋት የሚደብቀውና የማይደብቀው

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤቴ ተኝቼ ሳለ፣ ቤይሩት የምትሠራው ታናሽ እህቴ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በዋትሳፕ ላከችልኝ። የተኙትን ላለመቀስቀስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ጉዳዩ የእናታችን የዓይን ሕክምናና የሚላከው ገንዘብ ስለነበር፣ በእንቅልፍ ልብ ከምመልስላት ጠዋት አስቤበት ብመልስ ይሻላል ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩ። ከሳምንት በፊት የንባብ ማረጋገጫ የሚባለውን አገልግሎት አጥፍቼ ስለነበር፣ መልእክቱን ማዳመጤን ታውቃለች ብዬ ፈጽሞ አልጠረጠርኩም። ጎሕ ሲቀድ ደወለችና «ወንድምዓለም፣ ሌሊት ሰምተኸኝ እንዴት ዝም ትለኛለህ? ምን አስቀይሜህ ነው?» አለችኝ። እርሷ ዘንድ ባለው ስልክ ላይ ከድምፅ መልእክቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ የማይክራፎን ምልክት ከግራጫ ወደ ሰማያዊ ተለውጣ ነበርና፣ እኔ ደብቄዋለሁ ያልኩትን ነገር ያቺ ምልክት ነግራባታለች።

ከዚያ ወዲህ ይህን አገልግሎት ያጠፉ ሰዎችን ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ እንደ እኔ አንድ ቁልፍ ሁሉንም ነገር የሚዘጋ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቁልፉ የሚዘጋው አንድን በር ብቻ ነው፤ የተዘጋውን ከክፍቱ ለይቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ እንደ እኔ ሳያስበው ሰው ያስቀይማል፣ ወይም ደግሞ ያልተነበበውን መልእክት ተነቧል ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከምልክቶቹ ልጀምር።

በዋትሳፕ አንድ መልእክት ሲላክ ከጎኑ አንዲት ግራጫ ራይት ትታያለች። ይህች ምልክት የምትለው መልእክቱ ከላኪው ስልክ መውጣቱን ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ዘንድ መድረሱን አትናገርም። ተቀባዩ ስልኩን ካጠፋ፣ ዳታ ከሌለው ወይም ኔትወርክ ከማይደርስበት ቦታ ካለ ራይቷ ብቻዋን ትቆያለች፤ መልእክቱም እስኪደርስ ድረስ ቢበዛ ለ30 ቀናት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ተቆልፎ ይጠብቃል። ተቀባዩ ስልክ ላይ ሲደርስ ሁለተኛዋ ግራጫ ራይት ትጨመራለች። ተቀባዩ ውይይቱን ከፍቶ መልእክቱን ሲያይ ደግሞ ሁለቱም ራይቶች ሰማያዊ ይሆናሉ። ሰማያዊዎቹ ራይቶች የመጡት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ነው፤ ሰዎች መልስ ሳይሰጡ መቆየታቸው ወዲያውኑ እየታወቀ ቅሬታ ስላስነሳ፣ ማጥፊያው ቁልፍ ብዙም ሳይቆይ ተከትሎ መጣ።

ማጥፊያው አስቸጋሪ አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ዋትሳፕን ከፍቶ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች መንካት፣ «Settings» የሚለውን መምረጥ፣ ቀጥሎ «Privacy» ውስጥ መግባትና «Read receipts» ከሚለው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፋት ነው። በአይፎንም ቢሆን ከሴቲንግ ወደ «Privacy» ከተገባ በኋላ የሚገኘው ያው ስም ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ከስሙ ሥር በትናንሽ ፊደላት የተጻፈው ማሳሰቢያ ነው፤ ማጥፊያውን የተጠቀመ ሰው የሌሎችንም የንባብ ማረጋገጫ እንደማያይ፣ በግሩፕ ውስጥ ግን ማረጋገጫው ሁልጊዜ እንደሚላክ ይናገራል። ብዙ ሰው ማብሪያውን ገፍቶ ይወጣል እንጂ ያችን መስመር አያነብም፤ እኔም አላነበብኳትም ነበር።

እንግዲህ ቁልፉ በትክክል የሚዘጋው በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገውን የጽሑፍ፣ የፎቶና የመሳሰለውን መልእክት የመነበብ ምልክት ነው። አንድ ሰው ለብቻዬ የጻፈልኝን ከፍቼ ባነብ፣ እርሱ ዘንድ ሁለት ግራጫ ራይቶች ብቻ ይታያሉ። መልእክቱ ስልኬ ላይ መድረሱን ያውቃል፤ ማንበቤን ግን አያውቅም። መድረሱን የሚናገረውን ሁለተኛ ራይት የሚደብቅ ቁልፍ በዋትሳፕ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ «ኔትወርክ አልነበረኝም፣ አልደረሰኝም» የሚለው ምክንያት ማረጋገጫውን ላጠፋ ሰውም አይሠራም።

ይህ ጥቅም የሚገኘው በልዋጭ ነው። እኔ የኔን ካጠፋሁ የሌላውንም ማየት አልችልም፤ ያ ሰው የራሱን አብርቶ ቢያስቀምጥም ለውጥ የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ሲገባኝ ጊዜ ወስዷል። ባሕር ዳር ለሚማረው የወንድሜ ልጅ የጠዋቱ መኪና ከመናኸሪያ የሚነሳበትን ሰዓት ጽፌለት፣ ራይቶቹ ግራጫ ሆነው ሲቀሩ አላነበበውም ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ላክሁለት። በመጨረሻ ስደውልለት «ጋሼ፣ እኔኮ በመጀመሪያው ጊዜ አንብቤያለሁ፤ ስንት ጊዜ ነው የሚልኩልኝ?» አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ግራጫው የመጣው ከኔ ስልክ ነው። ሁለት ግራጫ ራይት ያየ ሰው እንግዲህ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የራሱን ስልክ ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸው እንኳ ካጠፉ ሰማያዊው ለሁለቱም አይታይም።

አሁን ወደ ግሩፕ ልምጣ፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራውም፣ ብዙ ጥቅም ያለውም እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

በግሩፕ ውስጥ የንባብ ማረጋገጫን ማጥፋት አይቻልም። ቁልፉ ቢጠፋም ባይጠፋም፣ አንድ አባል ግሩፑን ከፍቶ መልእክቱን ባየ ቁጥር ማረጋገጫው ለላኪው ይሄዳል፤ እኔም ማረጋገጫዬን አጥፍቼ እያለሁ በግሩፕ የላክሁትን ማን እንዳነበበው አያለሁ። ነገር ግን በግሩፕ የራይቶቹ ቀለም የሚለወጥበት ሕግ ከሁለት ሰው ውይይት የተለየ ነው። ሁለተኛዋ ግራጫ ራይት የምትታየው መልእክቱ ለሁሉም አባላት ሲደርስ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆኑትም ሁሉም አባላት ሲያነቡት ነው። አንድ ሰው ብቻ ስልኩን ቢያጠፋ፣ የተቀሩት ሁሉ አንብበው ጨርሰው እንኳ ላኪው የሚያየው አንዲት ግራጫ ራይት ይሆናል። ስለዚህ በግሩፕ ላይ የራይትን ቀለም አይቶ መፍረድ ከንቱ ነው።

የሚነገረው እውነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ላኪው የራሱን መልእክት በጣቱ ተጭኖ ሲቆይ ከላይ አማራጮች ይመጣሉ፤ በዚያ የ«i» ምልክት ወይም ሦስቱን ነጥቦች ከነካ በኋላ «Info» የሚል ይገኛል። ይህ ሲከፈት የአባላቱ ስም በሁለት ይከፈላል፦ «Read by» በሚለው ሥር ያነበቡት፣ «Delivered to» በሚለው ሥር ደግሞ ደርሷቸው ገና ያልከፈቱት ይዘረዘራሉ፤ ከያንዳንዱም ስም ጋር ቀኑና ሰዓቱ አለ። በሁለቱም ሥር የሌለ ሰው መልእክቱ ገና አልደረሰውም ማለት ነው። ይህን ዝርዝር ማየት የሚችለው የመልእክቱ ላኪ ብቻ ነው፤ ሌላው አባል የሌላ ሰውን መልእክት ማን እንዳነበበው አያይም።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልንገራችሁ። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ የኮሚቴው ግሩፕ ደግሞ እኔን ጨምሮ 11 ሰው ይዟል። አንድ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ አባላችን አረፉና፣ ድንኳኑ በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲተከል፣ ወንበርና ብረት ድስቱም አብሮ እንዲወጣ ለግሩፑ ጻፍኩ። ዱሮ ቢሆን ጥሩንባ ነፊው በየደጁ እየዞረ ይለፍፍ ነበር፤ ጥሩንባው የሰማውን ካልሰማው ባይለይም፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ «ማን ነው? የት ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ መስማቱ በዚያው ይታወቅ ነበር። ግሩፑ ላይ ግን ማንም ምንም አላለም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስመለከት የሚታየው አንዲት ግራጫ ራይት ብቻ ስለሆነ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ መልእክቱ አልወጣም ብዬ ደነገጥኩ።

ዝርዝሩን ስከፍት ሌላ ነገር ታየኝ። ከ10ሩ ተቀባዮች ስድስቱ አንብበዋል፤ ከነዚህም መካከል ማረጋገጫቸውን ማጥፋታቸውን የማውቀው ገንዘብ ያዣችን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አንብበዋል። ሦስቱ ደርሷቸዋል፣ አልከፈቱትም። አንደኛው ሰው ግን በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እርሱም የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ያለበት ሰው ነበር። አንዲቷን ራይት ብቻዋን ያስቀራት የእርሱ ስልክ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። ራይቷን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ መልእክቱን ደግሜ ደጋግሜ እልክ ነበር፤ ድጋሚው ደግሞ ያነበቡትን ያሰለቻል እንጂ ለተዘጋ ስልክ ምንም አይፈይድም። ዝርዝሩን ስላየሁ ልጄን የእጅ ባትሪ አስይዤ ወደ ቤቱ ላክሁት።

ቀጥሎ የሆነውም ሕጉን በደንብ ያሳያል። በማግስቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ያ ስልክ ቻርጅ አግኝቶ ሲበራ ሁለተኛዋ ራይት መጣች፤ ድንኳኑ ግን ከተተከለ አራት ሰዓት አልፎት ነበር። ሰማያዊ የሆነችው በሦስተኛው ቀን፣ ከቀብሩም በኋላ ነው፤ አንድ አባል የግሩፑን ድምፅ አጥፍቶ ስለነበር እስከዚያ አልከፈተውም። ድንኳኑ ሲተከል ግን ከተካዮቹ አንዱ እርሱ ነበር፤ ለካስ መልእክቱን ስልኩ ላይ ከላይ ወርዶ በሚታየው ኖቲፊኬሽን አንብቦታል። ይህ ዝርዝሩ የማይነግረን ነገር ነው። ውይይቱን ሳይከፍቱ በኖቲፊኬሽን ያነበቡት መልእክት እንደ ተነበበ አይቆጠርም፤ ስለዚህ «Delivered to» ሥር ያለ ሰው አላነበበም ማለት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። «Read by» ሥር ያለውም ቢሆን ግሩፑን ከፍቷል ማለት እንጂ ልብ ብሎ አንብቧል ማለት አይደለም፤ ልጅ የአባቱን ስልክ ይዞ ሲነካካ ግሩፑን ቢከፍተው እንኳ አባትየው እንዳነበበ ይመዘገባል።

ከዚህ አንጻር ማረጋገጫውን ያጠፋ ሰው በግሩፕ ውስጥ ተሰውሬያለሁ ብሎ ቢያስብ ራሱን ያታልላል። በተለይ የሥራ ቦታ ግሩፕ ላይ አለቃው ለጻፈው ትእዛዝ «አላየሁትም» የሚል ሰው፣ አለቃው ጣቱን መልእክቱ ላይ ጫን ቢያደርግ ስሙን ከነሰዓቱ እንደሚያገኘው ማወቅ አለበት። ይህን የምለው ሰው እንዲዋሽ ወይም እንዳይዋሽ ለመምከር አይደለም፤ ሰው ስለ ራሱ ስልክ የሚያስበውና ስልኩ የሚያደርገው እንዳይለያዩ ነው።

የድምፅ መልእክት ሦስተኛው ነገር ነው። ለድምፅ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ። አንደኛው እንደ ማንኛውም መልእክት መድረሱንና መታየቱን የሚናገሩት ራይቶች ናቸው፤ ሁለተኛው መደመጡን የሚናገረው የማይክራፎን ምልክት ነው። ተቀባዩ ድምፁን እስኪያጫውተው ድረስ ላኪው ዘንድ ማይክራፎኑ ግራጫ ነው፤ ሲያጫውተው ሰማያዊ ይሆናል። የንባብ ማረጋገጫን ማጥፋት የሚነካው ራይቶቹን ብቻ ነው፤ የማይክራፎኑን ምልክት በምንም መንገድ ማጥፋት አይቻልም። እኔና እህቴን ያጋጨን ይህ ነው፦ ራይቶቹ ግራጫ እንደሆኑ ቀሩ፣ ማይክራፎኑ ግን ሰማያዊ ሆነ። እርሷ የዚህን ምክንያት ስለማታውቅ ሁለቱ ምልክቶች ሲጋጩባት፣ እኔ ሆን ብዬ የተደበቅሁባት መሰላት።

ተቀባዩም በራሱ ስልክ ላይ ያው ምልክት አለው። ያልተደመጠ ድምፅ አረንጓዴ ማይክራፎን ይዞ ይቆያል፤ ከተደመጠ በኋላ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ማንበብ ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልኳ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የምትለየው በቀለምና በቦታ ነው። አረንጓዴ ስታይ «ገና ያልሰማሁት አለ» ብላ ትነካዋለች። ስታዳምጥ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጆሮዋ ታስጠጋለች፣ ሲያልቅ ደግሞ ፊቷ ላይ አድርጋ ቀለሙ መለወጡን ታያለች። እህቴም ቤይሩት ሆና ያንኑ ቀለም ስታይ እናቷ መስማቷን ታውቃለች። የማይክራፎኑ ምልክት የማይዘጋ መሆኑ ለኔ ቢያስቸግረኝም፣ ለእነርሱ ሁለቱ የሚግባቡበት ብቸኛ ማረጋገጫ ነው፤ እኔ ብጠየቅ እንዲዘጋ አልፈልግም።

በግሩፕ የተላከ ድምፅ ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ይይዛል። ማይክራፎኑ ሰማያዊ የሚሆነው ሁሉም አባላት ሲያዳምጡት ነው፤ ማን እንዳዳመጠና ማን ግሩፑን ከፍቶ ድምፁን ሳይነካ እንዳለፈ ግን ቀደም ብዬ በገለጽኩት «Info» ውስጥ ለየብቻ ይታያል። የእድራችን ዳኛ አዛውንት ስለሆኑ ሁሉን ነገር በድምፅ ነው የሚልኩት፤ አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ የፈጀ ድምፅ ልከው «ሁሉም አይቶታል» ሲሉ፣ በራሳቸው ስልክ ላይ ዝርዝሩን ከፍቼ ሳሳያቸው ዘጠኙ አይተውት የሰሙት ግን አራቱ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ነገር በአንድ መስመር አስጽፈው፣ ዝርዝሩን በድምፅ ያስከትሉበታል።

ሰዎች ይህን ምልክት ለማምለጥ የሚሞክሩት አንዱ ዘዴ ዳታውን ዘግቶ ማዳመጥ ነው። የድምፅ መልእክት ሲደርስ ራሱ ስለሚወርድ ያለ ዳታ ማዳመጥ ይቻላል፤ ምልክቱም በዚያች ሰዓት አይሄድም። ነገር ግን ስልኩ ማረጋገጫውን ይዞ ይቆይና ዳታ እንደ ተከፈተ ይልከዋል። በአውሮፕላን ሞድ ግሩፕ ከፍቶ ማንበብም ያው ነው፤ መዘግየት እንጂ መደበቅ አይደለም። በዚህ ምክንያት ላኪው ዘንድ የሚታየው ሰዓትም የተጠራጠሩትን ያህል ጥብቅ ማስረጃ አይደለም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ሰው ማታ ያዳመጠው ድምፅ ጠዋት እንደተደመጠ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ፣ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም የስታተስ ተመልካቾች ዝርዝር ነው። ማረጋገጫውን ያጠፋ ሰው ስታተሱን ማን እንዳየው አያውቅም፤ እርሱም የሌላውን ስታተስ ሲያይ ስሙ አይመዘገብም። የፋሲካ ዕለት የቤተሰብ ፎቶ አድርጌ ተመልካቹ ባዶ ሲሆንብኝ፣ ዘመድ ሁሉ የረሳኝ መስሎኝ ለአንድ ቀን ከፍቶኝ ነበር። ለካስ አይተውታል፤ የማላየው እኔ ነኝ። ስታተስን ለንግድ የሚጠቀሙ፣ ለምሳሌ ቡሬ ላይ የጤፍና የበቆሎ ዋጋ በየጠዋቱ የሚለጥፉ ነጋዴዎች፣ ስንት ደንበኛ እንዳየላቸው ማወቅ ከፈለጉ ማረጋገጫውን ማጥፋት አይበጃቸውም።

በሌላ በኩል ቁልፉ የማይነካቸው ነገሮች አሉ። ሰውየው ኦንላይን መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍና መጨረሻ የገባበት ሰዓት በዚያው «Privacy» ውስጥ «Last seen and online» በሚል ሌላ ቦታ ይስተካከላሉ፤ እየጻፈ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ደግሞ በዚህ ቁልፍ አይጠፋም። ስለዚህ ማረጋገጫውን ብቻ ያጠፋ ሰው ኦንላይን መግባቱ እየታየ ራይቱ ግራጫ ሆኖ ሲቀር፣ ላኪው ነገሩን ደምሮ መገመቱ አይቀርም።

ቴሌግራም ለሚጠቀሙትም አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ እዚህ ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው ሁለቱንም ይዞ ስለሚገኝ ሕጋቸውን ማደባለቅ የተለመደ ነው። በቴሌግራም አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ቴሌግራም ዘንድ ደርሷል፣ ሁለት ራይት ማለት ደግሞ ተነቧል ማለት ነው፤ ስልክ ላይ መድረሱን ብቻ የሚናገር ምልክት የለም። ይህን ሁለተኛ ራይት የሚያጠፋ ቁልፍም የለም። በግሩፕ ደግሞ ሕጉ የዋትሳፕ ተቃራኒ ነው፤ ከአባላቱ አንድ ሰው ብቻ ቢያነበው ሁለተኛዋ ራይት ትታያለች። በዋትሳፕ ሰማያዊ ማለት ሁሉም አነበቡት ስለሆነ፣ ያንን የለመደ ሰው በቴሌግራም ሁለት ራይት አይቶ ግሩፑ ሁሉ አንብቦታል ቢል ይሳሳታል። ከ100 በማይበልጡ ሰዎች ግሩፕ ውስጥ ማን እንዳነበበ ላኪው የራሱን መልእክት ነክቶ ማየት ይችላል፤ ይህም የሚቆየው ለ7 ቀናት ነው።

እንግዲህ ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት ሰማያዊ ሳይሆን ሲቀር ምክንያቱን በቅደም ተከተል መፈለግ ይቻላል። አንድ ራይት ብቻ ካለ ነገሩ ከንባብ ማረጋገጫ ጋር አይገናኝም፤ ስልኩ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለውም፣ ወይም ላኪው ብሎክ ተደርጓል። ሁለት ግራጫ ካሉ መልእክቱ ደርሷል፤ ቀጥሎ የሚታየው የላኪው የራሱ ቁልፍ ነው። የላኪው በርቶ ሳለ ያ ሰው መልስ እየጻፈ እንኳ ራይቶቹ ግራጫ እንደሆኑ ከቀሩ፣ ያጠፋው ተቀባዩ ነው፤ መልስ የጻፈ ሰው መልእክቱን አይቶታልና። መልስም ካልመጣና ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ፣ አጭር የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል፤ እርሱን ካዳመጠ ማይክራፎኑ ቁልፉን ሳያይ ይናገራል። ይህን ግን ሰውን ለመሰለል ሳይሆን ለቁም ነገር ብቻ እንዲያውሉት እለምናለሁ፤ ማረጋገጫውን ያጠፋ ሰው ያጠፋበት የራሱ ምክንያት አለው።

እኔ ቁልፉን መልሼ አላበራሁትም። መምህር ስለሆንኩ የተማሪ ወላጆች ማታ ማታ ይጽፉልኛል፤ አንብቤ፣ አስቤበት በማግስቱ መመለስ እፈልጋለሁ። ከእህቴ ጋር ግን ተስማምተናል፤ ድምፅዋን ሌሊት ከሰማሁ «ሰማሁሽ፣ ጠዋት እመልስልሻለሁ» የምትል የሦስት ሰከንድ ድምፅ ወዲያው እልክላታለሁ። በእድሩ ኮሚቴም ደንብ አወጣን፤ የለቅሶ መልእክት ያየ ሰው መልእክቱን ጫን ብሎ የእጅ ምልክት ያስቀምጣል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ምልክት ያላስቀመጠውን ደግሞ ጸሐፊው በተራ ስልክ ይደውልለታል። የመጋዘኑ ቁልፍም አሁን በሁለት ሰው እጅ ነው።